ገንዘቡ ለሁሉም ፕሮጀክት ሳይበቃ ሲቀር፦ በትርፋማነት መለኪያ ደረጃ መስጠትና የማይከፋፈሉ ፕሮጀክቶችን መምረጥ

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ለመጪው ዓመት አምስት ፕሮጀክቶች ይዟል እንበል። አምስቱም ተጠንተው አዋጪ ሆነዋል። ሁሉንም ለመሥራት 100 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል፤ በእጅ ያለው ግን 50 ሚሊዮን ብቻ ነው። ካፒታል ራሽኒንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ ጥሩ ፕሮጀክት ሞልቶ ገንዘቡ ሲያንስ።

ብዙ የፋይናንስ ክፍሎች እዚህ ላይ አንዲት ሕግ ይዘው ይነሳሉ። እያንዳንዱን ፕሮጀክት በትርፋማነት መለኪያው፣ ማለትም ለሚወጣበት ለእያንዳንዱ ብር በሚያስገኘው ትርፍ፣ ደርድር፣ ከላይ ጀምረህ ገንዘቡ እስኪያልቅ ውሰድ የምትል ሕግ ናት። ሕጓ ትክክል የምትሆነው ፕሮጀክቶቹ እንደ ዳቦ ተቆርሰው ሊወሰዱ ከቻሉ ብቻ ነው። የማይቆረሱ ከሆነ ዝርዝሩ መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። በዚህ መመሪያ ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ እንሠራለን፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው።

1. ጣሪያውን በቁጥር አስቀምጥ

መጀመሪያ የሚጠየቀው የገንዘቡ ጣሪያ ስንት ነው፣ የየትኛው ዓመት ነው፣ ማንስ አስቀመጠው የሚለው ነው። አንዳንዴ ጣሪያው ከውጭ ይመጣል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ፣ አዋጪ ጥናት ይዞ ባንክ የሄደ ድርጅትም ገንዘብ ላያገኝ የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። አንዳንዴ ደግሞ ጣሪያውን የሚያስቀምጠው የድርጅቱ ቦርድ ራሱ ነው፤ አዲስ ባለአክሲዮን ማስገባት ወይም ተጨማሪ ዕዳ መሸከም አይፈልግም። ለስሌቱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነቱ ቦርዱ ያስቀመጠው ጣሪያ በቁጥር ተከራክረው ከፍ ሊያደርጉት የሚችሉ መሆኑ ነው፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በእኛ ምሳሌ ጣሪያው የዚህ ዓመት 50 ሚሊዮን ብር ነው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ገንዘብ እንደልብ ይገኛል ብለን እንነሳ። ይህ ግምት ትንሽ ቢመስልም ቀጥሎ ያለው ስሌት በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

2. የእያንዳንዱን የተጣራ የአሁን ዋጋ አውጣ

የተጣራ የአሁን ዋጋ፣ በቢሮ አነጋገር ኤንፒቪ፣ ፕሮጀክቱ ወደፊት የሚያስገባው ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ወጪው ሲቀነስለት የሚተርፈው ነው። አንዱን እንይ። የዱቄት ማሸጊያ ማሽኑ ዛሬ 15 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል፤ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 7.32 ሚሊዮን ብር ያስገባል። ድርጅቱ ከገንዘቡ የሚጠብቀው ተመላሽ 20 በመቶ ከሆነ፣ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ የሚገባ አንድ ብር ዛሬ 2.9906 ብር ያወጣል። ስለዚህ 7.32 በ2.9906 ሲባዛ 21.89 ሚሊዮን ይሆናል፤ 15 ሚሊዮኑ ሲቀነስ ኤንፒቪው 6.9 ሚሊዮን ገደማ ነው።

3. ለየትኛው ወጪ እንደምታካፍል ወስን

የትርፋማነት መለኪያ ወይም ፒአይ ኤንፒቪው ለዛሬው ወጪ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለማሸጊያው 6.9 ለ15 ሲካፈል 0.46 ይሆናል። ማለትም ከጣሪያው ላይ የሚነሳ አንድ ብር 46 ሳንቲም ሀብት ይጨምራል። አንዳንዶች የሚገባውን ገንዘብ የአሁን ዋጋ በሙሉ ለወጪው አካፍለው 1.46 ይላሉ። ደረጃው አይለወጥም። ችግር የሚመጣው ግማሹ ፕሮጀክት በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው አሠራር ሲሰላ ነው፤ ከተለያየ ክፍል የመጡ ጥናቶች ሲሰባሰቡ ደግሞ ይህ ሳይታይ ያልፋል።

ከዚህ የከፋው ስህተት ያለው ከክፍልፋዩ ታች በሚጻፈው ቁጥር ነው። እዚያ የሚጻፈው እጥረት ያለበት ገንዘብ ብቻ፣ ግን ሙሉ በሙሉ ነው። የማሸጊያው 15 ሚሊዮን 13 ሚሊዮኑ የማሽኑ ዋጋ ሲሆን፣ 2 ሚሊዮኑ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆን የማሸጊያ ፕላስቲክና መለዋወጫ ነው። ጥናቱን ያዘጋጀው ክፍል ሁለቱን ሚሊዮን ረስቶ 13 ብቻ ቢጽፍ፣ ኤንፒቪው 8.9፣ ፒአይው 0.68 ሆኖ ፕሮጀክቱ የአንደኝነቱን ቦታ ይይዛል። ማሽኑ ደርሶ ፕላስቲክ መግዣ ሲጠፋ ስህተቱ ይታወቃል፤ ያኔ ግን ገንዘቡ ወጥቷል።

ተቃራኒውም አለ። የጭነት መኪኖቹ በሦስተኛው ዓመት ከባድ የሞተር ጥገና ይፈልጋሉ። ያ ወጪ ኤንፒቪው ሲሰላ ይቀነሳል እንጂ ከታች ካለው ቁጥር ጋር አይደመርም፤ የዚህን ዓመት 50 ሚሊዮን አይነካምና። አስቀድሞ የተከፈለ የጥናት ወጪም አይቆጠርም፤ ፕሮጀክቱ ቢቀርም አይመለስም።

4. ደርድር

| ፕሮጀክት | ወጪ (ሚሊዮን ብር) | ኤንፒቪ (ሚሊዮን ብር) | ፒአይ |
|---|---|---|---|
| ሀ. የማካሮኒ ማምረቻ መስመር | 25 | 12.5 | 0.50 |
| ለ. የዱቄት ማሸጊያ ማሽን | 15 | 6.9 | 0.46 |
| ሐ. የስንዴ መጋዘን | 30 | 13.2 | 0.44 |
| መ. አራት የጭነት መኪኖች | 20 | 8.4 | 0.42 |
| ሠ. ያገለገለ ጄኔሬተር | 10 | 1.8 | 0.18 |

በኤንፒቪ ብቻ ቢደረደር መጋዘኑ አንደኛ ይወጣ ነበር። ግን 13.2 ሚሊዮኑን ለማምጣት 30 ሚሊዮን ይበላል። ገንዘብ ሲያጥር የሚጠየቀው ፕሮጀክቱ ስንት አተረፈ ሳይሆን፣ ከጣሪያው ላይ ለወሰደው ለእያንዳንዱ ብር ስንት አተረፈ ነው።

5. ፕሮጀክቶቹ ቢከፋፈሉ

ከላይ መውሰድ እንጀምር። ሀ 25 ሚሊዮን ይወስዳል፣ ለ 15 ሚሊዮን ይወስዳል፤ 10 ሚሊዮን ይቀራል። ሐ 30 ስለሚፈልግ በ10 ሚሊዮኑ አንድ ሦስተኛው ይወሰዳል፤ ከ13.2 አንድ ሦስተኛው 4.4 ነው። ድምሩ 12.5 ሲደመር 6.9 ሲደመር 4.4፣ ማለትም 23.8 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ፕሮጀክቱ በትክክል የሚቆረስ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ ምርጫ የለም። ከተመረጡት ውስጥ ማንኛውንም ብር አንስተው ወደ ሌላ ቢያዛውሩት፣ የሚሄድበት ፒአይ ዝቅ ያለ ወይም ያው ራሱ ስለሆነ ትርፉ አይጨምርም።

ግን «አንድ ሦስተኛ መጋዘን» ምን ማለት ነው? በአክሲዮን መልክ የሚገዛ ድርሻ ቢሆን ይገባል፤ ከሌላ ነጋዴ ጋር በሽርክና የሚሠራ ቢሆንም ይገባል። ብቻውን የሚሠራው ፋብሪካ ግን በ10 ሚሊዮን የሚያቆመው ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነው፤ ስንዴ ደግሞ እዚያ አይቀመጥም።

ያም ሆኖ 23.8ን አትጣሉት፤ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት። በእነዚህ ፕሮጀክቶችና በ50 ሚሊዮን ብር ማንኛውም ምርጫ ከዚህ ሊያልፍ ስለማይችል፣ ቀጥሎ የምናገኘውን መልስ የምንመዝንበት ድንበር ይሆነናል።

6. የማይከፋፈሉ ከሆኑ፦ ጥምረቶቹን ቁጠር

አሁን እያንዳንዱ ፕሮጀክት ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ ይቀራል። የደረጃውን ዝርዝር ይዘን ብንወርድ ሀ እና ለ ይገባሉ፤ ሐ በቀረው 10 ሚሊዮን አይገባም፣ መ አይገባም፣ ሠ ይገባል። ድምሩ 50 ሚሊዮን ወጪ፣ 21.2 ሚሊዮን ኤንፒቪ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡ ሳይተርፍ ስላለቀ ሥራው እንዳለቀ ቆጥሮ እዚህ ያቆማል።

አምስት ፕሮጀክት 32 ጥምረት አለው፤ አንድም ፕሮጀክት ያልተመረጠበትን ጨምሮ። ሁሉን መጻፍ አያስፈልግም። ከጣሪያው የሚያልፈውን ሰርዝ፤ ሌላ ፕሮጀክት ማስገባት የሚችል ገንዘብ የተረፈበትንም ሰርዝ፤ ገንዘቡ የሚያስገባው ሙሉ ጥምረት ሁልጊዜ ይበልጠዋልና። የሚቀሩት ስድስት ናቸው፦

- ሀ፣ ለ እና ሠ፦ ወጪ 50፣ ኤንፒቪ 21.2
- ሀ እና መ፦ ወጪ 45፣ ኤንፒቪ 20.9
- ለ እና ሐ፦ ወጪ 45፣ ኤንፒቪ 20.1
- ለ፣ መ እና ሠ፦ ወጪ 45፣ ኤንፒቪ 17.1
- ሐ እና መ፦ ወጪ 50፣ ኤንፒቪ 21.6
- ሐ እና ሠ፦ ወጪ 40፣ ኤንፒቪ 15.0

አሸናፊው በደረጃው ሦስተኛና አራተኛ የነበሩት ናቸው፤ አንደኛውና ሁለተኛው ሁለቱም ወጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሐ እና መ 50 ሚሊዮኑን በሙሉ ከ42 ሳንቲም ባላነሰ ትርፍ ያሠሩታል። ሀ እና ለ የተሻሉ ቢሆኑም የሚተዉት ክፍተት 10 ሚሊዮን ነው፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው ደግሞ 18 ሳንቲም ብቻ የሚያመጣው ጄኔሬተር ነው። የማይከፋፈል ፕሮጀክት ሲመረጥ የፕሮጀክቱ ጥራት ብቻውን አይበቃም፤ ከጎኑ የሚተወው ክፍተትም ዋጋ አለው።

የሚተርፈው ገንዘብ ዝም ብሎ ይቀመጣል ከተባለ ደግሞ ያም ይሰላ። ሀ እና መ ሲመረጡ 5 ሚሊዮን ይተርፋል። በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ ከዓመት በኋላ 5.35 ሚሊዮን ይሆናል፤ በ20 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ 4.46 ሚሊዮን ነው። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ከጥምረቱ ላይ ይቀነስ ማለት ነው።

7. «አይከፋፈልም» የተባለውን መርምር

የ21.6 እና የ21.2 ልዩነት 400 ሺህ ብር ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ልዩነት ከግምቱ ስህተት ያንሳል፤ በእሱ ብቻ ቦርድ ፊት መከራከር አይቻልም። ትልቁ ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ከላይኛው ድንበር ከ23.8 ገና 2.2 ሚሊዮን ይቀረናል። ይህን ያህል ርቀት ሲኖር ወደ ጥናቶቹ ተመልሶ የትኛው ፕሮጀክት በእርግጥ እንደማይቆረስ ማጣራት ያዋጣል።

ማካሮኒ መስመሩ አይቆረስም። መጋዘኑም አይቆረስም። አራት የጭነት መኪኖች ግን አራት ዕቃ ናቸው! ጥናቱ በአንድ ርዕስ ስለመጣ ብቻ እንደ አንድ ፕሮጀክት ተቆጠሩ። እያንዳንዱ መኪና 5 ሚሊዮን ወጪና 2.1 ሚሊዮን ኤንፒቪ ካለው፣ ሀ፣ ለ እና ሁለት መኪና 50 ሚሊዮን ወጪ ሆነው 23.6 ሚሊዮን ያመጣሉ። ከ21.6 በ2 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ከድንበሩ የሚያንሰው በ200 ሺህ ብር ነው። ሌላ ጥምረት ቢገኝ እንኳ የሚጨምረው ከዚያ ስለማይበልጥ ፍለጋው እዚህ ሊቆም ይችላል።

ሁለት መኪና የአራቱን ግማሽ ያተርፋሉ ከማለት በፊት ግን የወጪውን ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው። 20 ሚሊዮኑ 4 ሚሊዮን የጋራዥ ወጪና አራት የ4 ሚሊዮን መኪኖች ከሆነ፣ ሁለት መኪና የሚፈልጉት 10 ሳይሆን 12 ሚሊዮን ነው። ያኔ በቀረው 10 ሚሊዮን አይገቡም፣ ኤንፒቪውም በግማሽ አይወርድም። የጋራ ወጪ ያለበት ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ቁራጭ በኋላ እንጂ ከመጀመሪያው ቁራጭ ጀምሮ አይከፋፈልም።

8. በኤክሴል አረጋግጥ

ፕሮጀክቶቹ ከስድስት ከሰባት ካለፉ በእጅ መቁጠር ያሳስታል። በአምድ A ስም፣ በB ወጪ፣ በC ኤንፒቪ፣ በE የሚመረጠውን ብዛት ያስቀምጡ። አምስቱ ፕሮጀክቶች ከረድፍ 2 እስከ 6 ይሁኑ፤ በረድፍ 5 የአንድ መኪና ወጪና ኤንፒቪ፣ 5 እና 2.1፣ ይጻፍ። ምርጡን ጥምረት የሚፈልገው ሶልቨር የተባለው የኤክሴል መሣሪያ ነው፤ `bin` ማለት 0 ወይም 1 ብቻ፣ `int` ማለት ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው።

```
D2:  =C2/B2
B8:  =SUMPRODUCT(B2:B6,E2:E6)
C8:  =SUMPRODUCT(C2:C6,E2:E6)

Solver
Set Objective: C8   To: Max
By Changing:   E2:E6
B8 <= 50
E2:E4 = bin
E6 = bin
E5 = int,  E5 <= 4,  E5 >= 0
Method: Simplex LP
```

ሦስቱን `bin` እና `int` የሚሉ መስመሮች አጥፍተው ሁሉም በ0 እና በ1 መካከል፣ መኪናው በ0 እና በ4 መካከል እንዲሆን ብቻ ቢያደርጉ የሚከፋፈለውን መልስ፣ 23.8ን፣ ይሰጣል። በመጀመሪያ ይህን አስሩ፤ ከእጅ ሥራው ጋር ካልገጠመ ሠንጠረዡ ላይ ስህተት አለ።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። በ`Options` ውስጥ `Integer Optimality (%)` የሚለው ሳጥን ሲከፈት 1 ተጽፎበት ይገኛል። ከዚያ በላይ ካልተሻሻለ ፍለጋውን አቁም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሶልቨሩ ከምርጡ ትንሽ ያነሰ ጥምረት ይዞ መልስ አገኘሁ ሊል ይችላል። ወደ 0 ይቀየር። `Ignore Integer Constraints` የሚለው ምልክት ተደርጎበት ከሆነም ይነሳ፤ አለበለዚያ 0.333 መጋዘን ግዛ የሚል መልስ ይመጣል።

9. ዋጋ ቢንቀሳቀስ ምርጫው ይቆማል?

የመረጥነው ጥምረት 50 ሚሊዮኑን እስከ መጨረሻዋ ብር ተጠቅሟል። ማካሮኒ መስመሩ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘልሏል። እኛ ግን ያን ያህል አንሂድ፤ የመስመሩ ዋጋ በ1 ሚሊዮን ብቻ ከፍ ይበል።

ወጪው 26፣ ኤንፒቪው 11.5 ይሆናል። ፒአይው 0.44 ስለሆነ ደረጃው ላይ ከማሸጊያው በታች ሁለተኛ ሆኖ ከመጋዘኑ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው፤ ዝርዝሩን ብቻ የሚያይ ሰው ትልቅ ነገር የተለወጠ አይመስለውም። ጥምረቱ ግን 51 ሚሊዮን ሆኖ ጣሪያውን ሰበረ። አንድ መኪና ቢወጣ ወጪው 46፣ ኤንፒቪው 20.5 ይሆናል። ለ፣ ሐ እና አንድ መኪና ግን 50 ሚሊዮን ወጪ ሆነው 22.2 ሚሊዮን ያመጣሉ። አንደኛ የነበረው ፕሮጀክት በ4 በመቶ የዋጋ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ከዕቅዱ ወጣ።

ስለዚህ በሥራ ላይ የሚደረገው እንዲህ ነው። ለጣሪያው ቅርብ በሆነ ጥምረት ውስጥ ዋጋው ያልተቆረጠ ዕቃ ካለ፣ ለሌሎቹ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት የእሱ ፕሮፎርማና የምንዛሪ ተመን ይያዝ። ካልተያዘ ደግሞ ሁለተኛው ጥምረት ተሰልቶ በእጅ ይኑር፤ የማሸጊያው ማሽን በሁለቱም ውስጥ ስላለ ቀድሞ ሊታዘዝ ይችላል።

10. ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ስንት ይከፈላል?

ጣሪያውን ያስቀመጠው ቦርዱ ከሆነ አሁን የሚቀርብለት ቁጥር አለ። 5 ሚሊዮን ብር ቢጨመር ሦስተኛው መኪና ይገዛል፤ ኤንፒቪው ከ23.6 ወደ 25.7 ይወጣል። 10 ሚሊዮን ቢጨመር 27.8 ይሆናል። እያንዳንዱ ተጨማሪ 5 ሚሊዮን 2.1 ሚሊዮን ያመጣል ማለት ነው። ስለዚህ አበዳሪው ወይም ሸሪኩ ከተለመደው 20 በመቶ በላይ የሚጠይቀው ሁሉ፣ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ከ2.1 ሚሊዮን ካነሰ ገንዘቡ ይወሰዳል። 3 ሚሊዮን ብቻ ቢጨመር ግን ምንም አይገዛም፤ በማይከፋፈል ነገር ጣሪያው የሚጠቅመው በደረጃ በደረጃ ሲነሳ ነው።

11. የቀረው ፕሮጀክት መጠበቅ ይችላል?

እስካሁን ያልተመረጠው ፕሮጀክት ጠፋ ብለን ቆጠርን። ከላይ እንዳልነው ግን ገንዘብ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ይገኛል። ለአንድ ዓመት የተራዘመ ፕሮጀክት ኤንፒቪው ለ1.2 ይካፈላል፤ የሚጠፋው አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው። ማካሮኒ መስመሩ ቢራዘም ከ12.5 ሚሊዮን 2.08 ሚሊዮን ይጠፋል፤ ከጣሪያው ለሚወስደው ለእያንዳንዱ ብር 8 ሳንቲም ያህል ነው።

ጄኔሬተሩ ግን ያገለገለ ነው፤ ሻጩ ዘንድሮ ካልተገዛ ለሌላ ይሸጠዋል። ቢቀር 1.8 ሚሊዮኑ በሙሉ ይጠፋል፤ በብር 18 ሳንቲም። ሌሎቹ አራቱ መጠበቅ የሚችሉ ከሆነ፣ በዚህ ስሌት ከሁሉም በታች የነበረው ሠ መጀመሪያ የሚገዛው ይሆናል። ደረጃው የሚሰጠው በሚገኘው ሳይሆን በማራዘም በሚጠፋው ገንዘብ ነውና፣ ፒአይ ከመሰላቱ በፊት ለእያንዳንዱ ጥናት አቅራቢ «ዘንድሮ ባይሠራ ከርሞ ይገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብለት።

ገንዘቡ ከርሞም የሚያጥር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ሁለት ጣሪያ ይነካል፤ በዘንድሮው ገንዘብ አንደኛ የሆነው በከርሞው አራተኛ ሊሆን ይችላል፣ አንድ የፒአይ ዝርዝርም ሁለቱን አያስታርቅም። ያኔ በሠንጠረዡ ላይ የሁለተኛ ዓመት ወጪ አምድና የራሱ `SUMPRODUCT` ይጨመርና፣ በሶልቨሩ ውስጥ ሁለተኛው ጣሪያ እንደ `B8 <= 50` ሁሉ አንድ መስመር ሆኖ ይገባል።